አልታይ ያሉት ረድፎች

መርካቶ ውስጥ ያለ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር እናስብ። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ቀለም ይሸጣል። ሒሳብ ያዥዋ የየዕለቱን ሽያጭ በኤክሴል ትመዘግባለች። አምስት ዓምድ አላት፦ ቀን፣ ወር፣ ዕቃ፣ ብዛት፣ ብር። ሺቱን Data ብላ ሰይማዋለች። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ላይ የመደብሩ ባለቤት «ወር በወር እንዴት እየሄድን እንደሆነ በሥዕል አሳዪኝ» ይሏታል። እሷም መረጃው ውስጥ አንድ ሴል ነክታ ከ Insert ሥር PivotChart ትመርጣለች፤ ወሩን ወደ ታች፣ ብሩን ወደ ላይ ትጎትታለች፤ አራት ዓምዶች ቀጥ ብለው ይቆማሉ። መስከረም 420,000፣ ጥቅምት 452,000፣ ኅዳር 438,000 ብር፤ ገና ያላለቀው ታኅሣሥ 310,000። ሁሉም ትክክል ነው።

ታኅሣሥ 30 ማታ ያው ፋይል እንደገና ይከፈታል። በአሥሩ ቀን ውስጥ 17 አዳዲስ ሽያጮች ተመዝግበዋል፤ ድምራቸው 155,000 ብር ነው። ቻርቱ ግን አሁንም ታኅሣሥን 310,000 ይላል። ፎቶው በቴሌግራም ይላካል፤ ባለቤቱም ከኅዳር ወደ ታኅሣሥ ሽያጩ ወደ ሠላሳ በመቶ ገደማ እንዳሽቆለቆለ አድርገው ያዩታል። እውነቱ 465,000 ነው፤ ታኅሣሥ ከአራቱ ወራት ሁሉ የበለጠ የተሸጠበት ወር ነበር። የሚቀጥለውን የሲሚንቶ ጭነት ለመቀነስ የሚወስኑት በዚህ ሥዕል ተማምነው ነው።

ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል እኔ ያበጀኋቸው ናቸው፤ ችግሩ ግን ኤክሴል በሚሠራበት ቢሮ ሁሉ ያለ ነው። የሚያስፈራውም ስሕተት ነው የሚል ምልክት አለመስጠቱ ነው። ቀመር ሲበላሽ ሴሉ ውስጥ #REF! ወይም #VALUE! ብቅ ይላል፤ ሰውም ይደነግጣል። ፒቮት ቻርት ግን አዳዲስ ረድፎችን ሳያይ ሲቀር ምንም አይልም። ያለውን መረጃ በተለመደው ቀለምና ውበት ያሳያል። አንድ ወር ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ማንም ያስተውለዋል፤ የወሩ ሲሶ ሲጠፋ ግን የገበያ መቀዝቀዝ ይመስላል።

ምክንያቱን ለመረዳት ከቻርቱ ጀርባ ያለውን ነገር ማየት ያስፈልጋል። ፒቮት ቻርት ለብቻው አይቆምም፤ ሁልጊዜ ከኋላው አንድ ፒቮት ቴብል አለ። ፒቮት ቴብል ማለት ብዙ ረድፎችን በወር፣ በዕቃ ወይም በፈለግነው መደብ ሰብስቦ የሚደምር ማጠቃለያ ሰንጠረዥ ነው። ይህ ማጠቃለያ ደግሞ ሺቱ ላይ ያለውን መረጃ በቀጥታ አያነብም። ሲሠራ የመረጃውን ግልባጭ ወስዶ ፋይሉ ውስጥ በድብቅ ያስቀምጣል፤ የሚደምረውም፣ የሚያጣራውም ከዚያ ግልባጭ ነው። ብዙ ሺህ ረድፍ ያለውን መዝገብ በዓይን ጥቅሻ ከወር ወደ ዕቃ፣ ከዕቃ ወደ ወር የሚገለብጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ዋጋው ግን አለ፤ ሺቱ ላይ ቁጥር ብትቀይሩ ግልባጩ አያውቅም።

ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ግልባጩን ማደስ ነው። ቻርቱን ነክቶ ከ PivotChart Analyze ሥር Refresh መጫን ይበቃል፤ በኪቦርድ Alt+F5 ነው፤ ፋይሉ ውስጥ ያሉትን ሁሉ በአንዴ ለማደስ Ctrl+Alt+F5። ብዙ ሰው ይህን ያውቃል። ሒሳብ ያዥዋም ታውቃለች፤ ታኅሣሥ 30 ማታ Refresh ጫነች። ቻርቱ ንቅንቅ አላለም። ደግማ ጫነች፤ ፋይሉን ዘግታ ከፈተች፤ ያው 310,000።

እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ምክንያት የሚመጣው፤ ሰዎች ረጅም ሰዓት የሚያባክኑትም እዚህ ነው። ቻርቱ በተሠራ ቀን ኤክሴል መረጃው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ አይቶ አድራሻውን መዝግቧል። የዚያን ቀን አንድ የርዕስ ረድፍና 180 የሽያጭ ረድፎች ነበሩ፤ ስለዚህ የተመዘገበው አድራሻ ይህ ነው፦

```
Data!$A$1:$E$181
```

የዶላር ምልክቶቹ «ይህ አድራሻ አይነቃነቅ» ማለት ናቸው። እንደ ግቢ አጥር ነው፤ Refresh በአጥሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንደገና ይቆጥራል እንጂ አጥሩን አይገፋም። ከረድፍ 182 እስከ 198 የተጻፉት አሥራ ሰባቱ ሽያጮች ከአጥሩ ውጭ ናቸው። መቶ ጊዜ ብታድሱ አይገቡም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው Refresh በከፊል መሥራቱ ነው። ሒሳብ ያዥዋ ኅዳር ላይ በስሕተት የገባ ዋጋ አርማ ብታድስ የኅዳር ዓምድ ወዲያው ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። እሷም «እድሳቱ ይሠራል፤ እንግዲያው ታኅሣሥ በእርግጥ 310,000 ነው» ብላ ልትደመድም ትችላለች። በእኔ እምነት የዚህ ችግር ክፉ ገጽታ ይኸው ነው። አሮጌው ረድፍ ሲታረም ቻርቱ የሚሰማ፣ አዲሱ ረድፍ ሲጨመር ግን የማይሰማ ከሆነ፣ ጥፋቱ በእድሳቱ ሳይሆን በአድራሻው እንደሆነ እወቁ።

በግምት መቅረት ካልፈለጋችሁ ፒቮት ቴብሉን ራሱን «የትኞቹን ረድፎች ነው የምታየው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ከታች ጥግ ላይ ያለውን ጠቅላላ ድምር፣ በእኛ ምሳሌ 1,620,000 የሚለውን ሴል፣ ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ንኩት። ኤክሴል አዲስ ሺት ከፍቶ ያ ድምር የተሠራባቸውን ረድፎች አንድ በአንድ ይዘረግፋል። ረድፎቹን ቁጠሩ። እዚያ 180 ሆነው Data ላይ ግን 197 ሽያጭ ካለ፣ አሥራ ሰባቱ ቀርተዋል ማለት ነው። አዲሱ ሺት ለማየት ብቻ የወጣ ስለሆነ አይታችሁ መሰረዝ ትችላላችሁ፤ ዋናውን መረጃ አይነካውም። ይህን ዘዴ ከማንኛውም ሌላ ምርመራ አስቀድመዋለሁ፤ ግምትን ገላግሎ ማስረጃ እጅ ላይ ያኖራልና።

አድራሻው ራሱም በቀላሉ ይታያል። ፒቮት ቴብሉን ነክታችሁ ከ PivotTable Analyze ሥር Change Data Source ስትሉ አንድ ትንሽ መስኮት ይከፈታል፤ Table/Range በሚለው ቦታ ላይ የዶላር ምልክት ያለበት አድራሻ ከተጻፈ አጥሩን አግኝታችሁታል። እዚያው 181ን ወደ 198 ቀይሮ OK ማለት ይቻላል፤ ቻርቱም ወዲያው 465,000 ያሳያል። ለዛሬ ማታ ይህ ይበቃል። ነገ ጠዋት ግን ረድፍ 199 ይጻፋል፤ አጥሩም እንደገና ወደኋላ ይቀራል። በየቀኑ አጥር የምትገፋ ሒሳብ ያዥ አንድ ቀን መርሳቷ አይቀርም።

ብልጥ ነን የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ አንድ አቋራጭ አላቸው፤ አምስቱን ዓምዶች ሙሉ በሙሉ ከላይ እስከ ታች መምረጥ፣ ማለትም Data!$A:$E። አጥሩ እስከ ሺቱ መጨረሻ፣ እስከ ረድፍ 1,048,576 ድረስ ይሄዳል፤ አዲስ ረድፍ የሚያመልጥበት መንገድ የለም። ይሠራል፤ ግን ባዶዎቹን ረድፎችም አብሮ ያስገባል። ቻርቱ ላይ (blank) የሚል ስም ያለው፣ ማንም ያልሸጠው ተጨማሪ ወር ይወለዳል። በብዙ የኤክሴል ዕትሞች ደግሞ ብር የሚለው ዓምድ ባዶ ሴሎች ስላሉበት ኤክሴል መደመሩን ትቶ መቁጠር ይጀምራል፤ ስሙም Sum of መሆኑ ቀርቶ Count of ይሆናል፤ 420,000 ሲጠበቅ 45 የሚል ዓምድ ይቆማል። (blank) የሚለውን በማጣሪያ ልሰውር ያለ ሰው ሌላ ወጥመድ ውስጥ ይገባል፤ እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በድሮ ፋይሎች ውስጥ ደግሞ ይህን የመሰለ ቀመር ስም ተሰጥቶት ታገኙ ይሆናል፦

```
=OFFSET(Data!$A$1,0,0,COUNTA(Data!$A:$A),5)
```

ኤክሴል ራሱ የተሻለ መንገድ ከማበጀቱ በፊት አዋቂዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነበር። በመጀመሪያው ዓምድ ውስጥ ያሉትን የተሞሉ ሴሎች ይቆጥርና የዚያን ያህል ረድፍ ወደ ታች ይዘረጋል። ብልሃቱ ደስ ይላል፤ ሆኖም አንድ ሰው አንድ ቀን መሙላት ቢረሳ ቆጠራው በአንድ ያንስና የመጨረሻው ሽያጭ ይቀራል። የሚሠራ ፋይል ላይ ካገኛችሁት አትንኩት፤ አዲስ ስትሠሩ ግን አያስፈልጋችሁም።

የተሻለው መንገድ ከ2007ቱ ኤክሴል ጀምሮ ያለው ቴብል ነው። ከዚያ በፊት በ2003ቱ ዕትም ውስጥ List የሚባል ወላጁ ነበር። ብዙ ሰው ቴብልን የሚያውቀው ረድፎችን አንድ ነጭ አንድ ሰማያዊ አድርጎ እንደሚቀባ ማስዋቢያ ነው፤ ቀለሙ ግን ከጥቅሙ ሁሉ ትንሹ ነው። ዋናው ነገር ተራ የሴሎች ክምችት የነበረው መረጃ ስም ያለው አንድ አካል መሆኑ ነው። ስም ካለው አድራሻውን በቁጥር መጥራት አያስፈልግም። ቴብሉ ሲያድግ ስሙ አብሮት ያድጋል።

በመደብሩ ፋይል ላይ እንሥራው። መጀመሪያ Data ሺት ላይ መረጃው ውስጥ የትኛውንም አንድ ሴል ንኩ፤ Ctrl+T ተጫኑ። ኤክሴል የመረጃውን ዳር ድንበር ራሱ ፈልጎ በሚንቀሳቀስ ነጠብጣብ መስመር ይከበዋል። ይህ ቅጽበት አይታለፍ፤ መስመሩ እስከ መጨረሻው ሽያጭ፣ እስከ ረድፍ 198 ድረስ መውረዱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። መሐል ላይ ባዶ ረድፍ ካለ ኤክሴል መረጃው እዚያ ያለቀ ይመስለዋል። ወር ከወር ለመለየት ባዶ መስመር የመተው ልማድ ያላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ለወረቀት መዝገብ መልካም ልማድ ነው፤ ኤክሴል ላይ ግን መረጃውን ይቆርጠዋል። ባዶዎቹን ሰርዛችሁ እንደገና ጀምሩ። My table has headers የሚለው ሳጥን ምልክት እንዳለበት አይታችሁ OK በሉ።

ሌላም አለ። ከመረጃው ግርጌ በእጅ የተጻፈ «ድምር» የሚል ረድፍ ካለ ቴብል ከመሥራታችሁ በፊት አጥፉት። ካላጠፋችሁት ኤክሴል እንደ አንድ ሽያጭ ይቆጥረዋል፤ ጠቅላላውም እጥፍ ሆኖ ይወጣል። ድምር ማየት ካስፈለገ ቴብሉ የራሱ Total Row አለው፤ ፒቮት ቴብሉ ያንን ረድፍ ከሽያጭ ጋር አይደባልቀውም።

ቀጥሎ ስም ማውጣት ነው። ቴብሉ ውስጥ ሆናችሁ Table Design የሚለውን ስትከፍቱ በግራ ጥግ Table Name የሚል ሳጥን አለ። ኤክሴል Table1 ብሎታል። እሱን አጥፍታችሁ Sales ብላችሁ ጻፉና Enter ተጫኑ። ስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ አይፈቀድም፤ እንደ Q1 ያለ የሴል አድራሻ የሚመስል ስምም አይቀበልም። Table1 ብሎ መተውም ይቻል ነበር፤ ግን ከስድስት ወር በኋላ ፋይሉ ውስጥ Table1፣ Table4 እና Table7 ሲኖሩ የትኛው የሽያጭ እንደሆነ ማን ያስታውሳል?

አሁን ብዙ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለውና ፋይሉን ይዘጋል። አላለቀም። ቻርቱ ከዚህ በፊት የተሠራው በአሮጌው አድራሻ ነውና፣ ወደ Change Data Source ተመልሳችሁ Table/Range ውስጥ ያለውን ማየት አለባችሁ። የዶላር አድራሻው እዚያው ካለ ጠቅላላውን አጥፍታችሁ አንድ ቃል ብቻ ጻፉ፦

```
Sales
```

OK ስትሉ ቻርቱ ይስተካከላል፤ ታኅሣሥ 465,000፣ ጠቅላላው 1,775,000። አዲስ ቻርት ከባዶ የምትጀምሩ ከሆነ ይህ እርምጃ አያስፈልግም፤ ቴብሉን አስቀድማችሁ ከሠራችሁ ኤክሴል ስሙን ራሱ ይሞላዋል።

ፋይሉ ውስጥ ከአንድ በላይ ፒቮት ቴብል ካለ እያንዳንዱን ለየብቻ መቀየር ያስፈልጋል። አንዱን ስላስተካከላችሁ ሌላው አይስተካከልም፤ ያኔ በአንድ ፋይል ውስጥ ሁለት ሥዕሎች ሁለት የተለያየ የታኅሣሥ ሽያጭ ያሳያሉ። ስላይሰር የሚባሉት የማጣሪያ ቁልፎች ሁለት ፒቮት ቴብሎችን በአንድ ላይ አስረው ከሆነ ደግሞ ኤክሴል ምንጩን ለመቀየር እምቢ ይላል። መፍትሔው ስላይሰሩን ነክቶ Report Connections በሚለው ውስጥ ማሰሪያውን ለጊዜው መፍታት፣ የሁሉንም ምንጭ ወደ Sales መቀየር፣ ከዚያም መልሶ ማሰር ነው።

ጥር ገባ እንበል። ሒሳብ ያዥዋ ከመጨረሻው ረድፍ ሥር ወዲያው መጻፍ ትጀምራለች። የመጀመሪያውን ሴል ሞልታ Enter ስትል የቴብሉ ቀለም ወደ ታች ይወርድና አዲሱን ረድፍ ያቅፈዋል። በቀኝ በኩል ታችኛው ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ የማዕዘን ምልክትም አብራ ትወርዳለች፤ ድንበሩ የት እንዳለ የምትናገረው እሷ ናት። በወሩ መጨረሻ 46 ረድፎች ተጨምረው የመጨረሻው ረድፍ 244 ሆኗል፤ የጥር ሽያጭ 398,000 ብር ነው። ቻርቱ ላይ ሄዳ Refresh ስትል አምስተኛው ዓምድ ይቆማል፤ ጠቅላላው 2,173,000 ይሆናል። አድራሻ የነካ ሰው የለም።

Refresh ማለቷን ልብ በሉ። ቴብል አጥሩን ያሳድጋል እንጂ ግልባጩን አያድስም፤ ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። እዚህ ላይ ግራ የሚያጋባው ተራ ቻርት ነው። ከቴብል ላይ በቀጥታ የተሠራ፣ ፒቮት ያልሆነ ቻርት ግልባጭ ስለሌለው አዲስ ረድፍ እንደተጻፈ ወዲያው ይለወጣል። አንዱን የለመደ ሰው ሌላውም እንዲሁ ይመስለዋል። ፒቮት ቻርቱ ቢያንስ ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር እንዲታደስ ማድረግ ይቻላል፤ ፒቮት ቴብሉ ላይ ቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ PivotTable Options፣ ከዚያ Data የሚለው ገጽ ላይ Refresh data when opening the file የሚለውን ምልክት አድርጉበት። ጠዋት ለሚከፍቱት ባለቤት ይህ ይበቃል። ፋይሉ ተከፍቶ ሳለ ለሚጻፈው ግን አሁንም መጫን አለ። በማክሮ አውቶማቲክ ማድረግም ይቻላል፤ እኔ ግን ለእንዲህ ያለ መደብር አልመክረውም። ፋይሉ በሌላ ዓይነት መቀመጥ ይኖርበታል፤ በኢሜይል ሲላክ ብዙ ጊዜ ይታገዳል፤ ማክሮው በሠራ ቁጥርም የሠሩትን መመለሻው Undo ባዶ ይሆናል። ሁለት ቁልፍ መጫን ይቀላል።

ከዚህ ይልቅ የምወደው ከቻርቱ አጠገብ አንድ መቆጣጠሪያ ሴል ማስቀመጥ ነው። ፒቮት ቴብሉ Report በሚባል ሺት ላይ ከ A3 የሚጀምር ከሆነ ቀመሩ ይህ ነው፦

```
=SUM(Sales[ብር])-GETPIVOTDATA("ብር",Report!$A$3)
```

የመጀመሪያው ግማሽ ቴብሉ ላይ አሁን ያለውን ገንዘብ በሙሉ ይደምራል፤ ሁለተኛው ፒቮት ቴብሉ የሚያውቀውን ጠቅላላ ያመጣል። ልዩነቱ ዜሮ ከሆነ ቻርቱን መላክ ይቻላል። የጥር ረድፎች ተጽፈው ገና Refresh ካልተባለ ሴሉ 398,000 ያሳያል። ታድሶም ዜሮ ካልሆነ ወይ ምንጩ አሁንም አሮጌው አድራሻ ነው፣ ወይ የሆነ ማጣሪያ አንድ ነገር ደብቋል። አንድ ሴል ናት፤ ግን ያ ዝምተኛ ስሕተት በመጨረሻ ድምፅ የሚያገኘው በእሷ ነው።

ስለ ማጣሪያው እንመለስበት ብያለሁ። አንድ ሰው (blank) የሚለውን ወይም ያልፈለገውን ወር ለመሰወር በማጣሪያው ዝርዝር ውስጥ ምልክቱን አንስቶ ከሆነ ኤክሴል «የሚታዩት እነዚህ ምልክት ያለባቸው ብቻ ናቸው» ብሎ ይይዘዋል። ጥር ሲመጣ በዝርዝሩ ውስጥ ይገባል፤ ግን ምልክት የለውም። ምንጩ ትክክል ነው፣ ታድሷል፣ ጥር ግን የለም። ወሩ ላይ ቀኝ ጠቅ ብላችሁ Field Settings ውስጥ Include new items in manual filter የሚለውን ምልክት ካደረጋችሁበት ወደፊት የሚመጡት ሁሉ ራሳቸው ይታያሉ።

ቴብሉ ራሱ አላድግም የሚልበት ጊዜም አለ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ረድፍ ዘሎ መጻፍ ነው፤ ቴብል የሚያቅፈው ከሥሩ ወዲያው የተጻፈውን ብቻ ነው። Total Row ከበራ ደግሞ ከድምሩ በታች የተጻፈው አይገባም፤ ከድምሩ በፊት ባለው የመጨረሻ ሴል ላይ ሆኖ Tab መጫን ነው፣ አዲስ ረድፍ ይከፈታል። ሺቱ በይለፍ ቃል ከተቆለፈ ቴብሉ ጨርሶ አያድግም፤ ሠራተኛ እንዳያበላሽ ብለው የሚቆልፉ መደብሮች ይህን አስቀድመው ቢያውቁ ጥሩ ነው። ከእነዚህ አንዱም ካልሆነ File፣ Options፣ Proofing፣ AutoCorrect Options፣ AutoFormat As You Type ድረስ ሄዳችሁ Include new rows and columns in table የሚለው መጥፋት አለመጥፋቱን እዩ።

የእኛን አገር መዝገብ የሚመለከት አንድ ችግር ደግሞ በውጭ መማሪያዎች ውስጥ አታገኙትም። ወር በፊደል ሲጻፍ ኤክሴል የፊደሉን ቅርጽ እንጂ ድምፁን አያውቅም። አንዱ ሠራተኛ «ኅዳር»፣ ሌላው «ህዳር»፣ ሦስተኛው «ሕዳር» ብሎ ከጻፈ ቻርቱ ላይ ሦስት ወር ይቆማል፤ 438,000 ለሦስት ይከፈላል። ታኅሣሥማ የባሰ ነው። አዲሶቹ ረድፎች በሌላ ሆሄ ስለተጻፉ ብቻ ከዋናው ዓምድ ጎድለው በሌላ ጥግ ይቆማሉ፤ ሰውም «ቻርቱ አዲሶቹን አላነበበም» ይላል። በዚያ ላይ ኤክሴል ወራቱን የሚደረድረው በፊደል ተራ እንጂ በዘመን ቅደም ተከተል አይደለም፤ አዲሱ ወር ከመጨረሻው ቦታ ሳይሆን ከመሐል ሊሰነቀር ይችላል። ቁጥር ከፊት ማድረግ ሁለተኛውን ይፈታል፦ 01 መስከረም፣ 02 ጥቅምት እያለ እስከ 13 ጳጉሜን። ለመጀመሪያው ደግሞ Data Validation ተጠቅማችሁ ወሩ ከዝርዝር እንዲመረጥ ማድረግ ይሻላል።

«ቀኑን በሙሉ 20/04/2017 ብዬ ብጽፍስ?» የሚል ይኖራል። ኤክሴል የሚያነበው እንደ ፈረንጅ ቀን ነው። ቀን ከወር በሚያስቀድም ኮምፒውተር 20/04/2017ን ሚያዝያ ውስጥ ያለ የአውሮፓውያን ቀን አድርጎ ይቀበለዋል፤ ጥቅምት ሠላሳን፣ 30/02/2017ን ግን የካቲታቸው ሠላሳ ቀን ስለሌለው ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ጳጉሜን ሙሉ በሙሉ ጽሑፍ ይሆናል፤ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅማ። በዓይን መለየት ይቻላል፤ እንደ ቀን የተቀበለው ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ያደረገው ወደ ግራ። ግማሹ ቀን ግማሹ ጽሑፍ በሆነ ዓምድ ላይ ወር በወር መመደብ አይቻልም። የመደብሯ ሒሳብ ያዥ ቀንና ወርን በሁለት ዓምድ መለየቷ ስለዚህ ትክክል ነበር።

የጎደላት ዓመቱ ነው። አጥር ያለው መዝገብ ቢያንስ አንድ ቦታ ያቆማል፤ የሚያድገው ቴብል ግን 2018 ሲገባም ይቀጥላል፤ የአዲሱ ዓመት መስከረም ከአምናው 420,000 ላይ ይደመርና አንድ ረጅም ዓምድ ይሆናል። ከብር ዓምድ ቀጥሎ F1 ላይ «ዓመት» ብላ ብትጽፍ ቴብሉ ወደ ቀኝም ያድጋል። የቀድሞዎቹን ረድፎች በ2017 ሞልታ Refresh ስትል «ዓመት» በፒቮት ቻርቱ ዝርዝር ውስጥ ብቅ ይላል፤ ምልክት ግን የለበትም፣ ራሷ ጎትታ Legend ወደሚለው ሳጥን ማስገባት አለባት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ወር በሁለት ቀለም፣ አምናና ዘንድሮ ጎን ለጎን ይቆማል።